አባታችን ጎንደር ካረፈ በኋላ ወንድሜና እህቴ ብቻ ወራሾች ተብለዋል፤ ከዴንቨር ሆኜ ልጅነቴን በምን ላስረዳ? ማንንስ ልወክል?

የአዘዞዋ — ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዴንቨር ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት ግን ጎንደር፣ አዘዞ ነው። አባታችን በጥር 2014 ዓ.ም. አረፈ። እናታችን ከእሱ ቀድማ በ1999 ዓ.ም. ሞታለች። የተዉልን ሁለቱ አብረው የሠሩትን አንድ ግቢ ነው፤ ዋናው ቤትና ከጀርባው ተከራይ ያለባቸው አራት ሰርቪስ ቤቶች።

ልጆቹ አራት ነን። ታላቅ ወንድሜ እዚያው ጎንደር ነው፤ አባቴ በሕይወት ሳለ ሙሉ ውክልና ሰጥቶት ስለነበር ኪራዩን እስከ ዛሬ የሚሰበስበው እሱ ነው። ታናሽ እህቴ ባሕር ዳር ትኖራለች። ሌላው ወንድማችን በ2003 ዓ.ም. ሁለት ልጆች ትቶ አርፏል። አራተኛዋ እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር የአክስቴ ልጅ አንድ ወረቀት በቴሌግራም ላከልኝ። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ከወረዳ ፍርድ ቤት የወጣ የወራሽነት ምስክር ወረቀት ነው። ያሉበት ሁለት ስሞች ብቻ ናቸው፤ የታላቅ ወንድሜና የታናሽ እህቴ። እኔም የሟች ወንድሜ ልጆችም የለንበትም።

ሌላው የሚያስጨንቀኝ ስሜ ነው። በ1977 ዓ.ም. በመተማ በኩል ሱዳን ስገባ፣ ገዳሪፍ ላይ የመዘገበኝ ሰው ቤት ውስጥ የምጠራበትን ስም ጻፈ፤ በአባቴ ስም ቦታ ደግሞ የአያቴን ስም አስገባ። የአሜሪካ ወረቀቴ ሁሉ ያንን ተከትሎ ነው የመጣው። ዛሬ ፓስፖርቴን ያየ ሰው የአባቴን ስም አያገኝበትም።

የአክስቴ ልጅ «ውክልና ላኪልኝ፣ እኔ እከራከርልሻለሁ» ይላል። ውክልናው ላይ ምን ልጻፍ? የት ላስፈርመው?

---

መንገደኛው ሰው — ኅዳር 9

እህቴ፣ ብዙ አትጨነቂ። ርእሱ «ሙሉ ውክልና» የሚል ወረቀት አዘጋጂ፤ ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲ ማኅተም ያድርግበት፤ ለአክስትሽ ልጅ ላኪለት። ሙሉ ውክልና ያለው ሰው አንቺን ሆኖ ሁሉንም ይሠራል፤ ፍርድ ቤትም ይቆማል። እኔ ለባንክ ጉዳይ እንዲሁ አድርጌ ጨርሻለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። አሜሪካዊ ዜጋ ከሆንሽ ቤት መውረስ አትችዪም፤ የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ ቤት እንዳይኖረው ሕጉ ይከለክላል። ስለዚህ ከወንድምሽ ጋር ተስማሚና ድርሻሽን በገንዘብ ተቀበዪ።

---

የቀድሞ ዳኛ — ኅዳር 10

ለአዘዞዋ እህታችን፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ብዙ ዓመት በዳኝነት፣ በኋላም በጥብቅና ስለሠራሁ የማውቀውን እጽፋለሁ። ከጥያቄዎ ቅደም ተከተል ግን ልጀምር። እርስዎ ከውክልናው ተነሥተዋል። መቅደም ያለበት ወንድምዎ ያንን ምስክር ወረቀት እንዴት እንዳወጣ ማወቅ ነው።

የወራሽነት ምስክር ወረቀት ክርክር ተደርጎበት የተሰጠ ፍርድ አይደለም። አመልካቹ የሞት ማስረጃና ምስክሮች ያቀርባል፤ ተቃዋሚ ካልመጣ ፍርድ ቤቱ በቀረበለት ልክ ወረቀቱን ይሰጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 996 እንዲህ እንዲሰጥ እንደሚፈቅድ ሁሉ፣ አንቀጽ 998 ደግሞ የተሳሳተው እንዲሰረዝ መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ ወረቀቱን አይተው «አበቃልኝ» አይበሉ። የመዝገብ ቁጥሩ እዚያው ላይ ስላለ የመዝገቡን ሙሉ ግልባጭ ያስወጡ። ሦስት ነገር ይመልከቱበት፦ ወንድምዎ በማመልከቻው የልጆቹን ቁጥር ስንት አለ? የመሰከሩት እነማን ናቸው? ጥሪ በጋዜጣ ወይም በማስታወቂያ ሰሌዳ ወጥቷል? የክርክርዎ ዋና ስንቅ እዚያ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። በአንቀጽ 1000 መሠረት ውርስ የያዘውን ሰው ለመጠየቅ ያለው ጊዜ፣ መብትዎንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቁ በኋላ ሦስት ዓመት ነው። እርስዎ ያወቁት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው ይላሉ። ወንድምዎ ደግሞ «በለቅሶው ቀን በስልክ ነግሬያታለሁ» ማለቱ አይቀርም፤ እንደ እሱ አቆጣጠር ጊዜው የሚያልቀው በዚህ ጥር ነው። ስለዚህ የአክስትዎ ልጅ የላከውን መልእክት ከነቀኑ ያስቀምጡ፤ ነገር ግን በእሱ ብቻ ተማምነው አይዘግዩ።

ሦስተኛ፣ አባትዎ ለወንድምዎ የሰጡት ውክልና በሞታቸው ቀርቷል። ከጥር 2014 ዓ.ም. ወዲህ በዚያ ወረቀት የፈረመው የኪራይ ውል ካለ፣ በሟች ስም የተፈረመ ነው ማለት ነው። እስከዚያ ቀን የሰበሰበው የአባትዎ ገንዘብ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሰበሰበው ደግሞ የወራሾች ሁሉ ስለሆነ ሒሳብ ይጠየቅበታል።

ለመንገደኛው ወንድሜም አንድ ቃል። የውጭ ዜግነት ወራሽነትን አያጠፋም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የከለከለው የማይንቀሳቀስ ንብረት በባለቤትነት መያዝን ነው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ያለው ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ከዚያ ክልከላ ወጥቷል። እህታችን ቢጫ ካርድ ከሌላት ከአሁኑ ታውጣ፤ ስም ለማዛወር ማዘጋጃ ቤት ስትቀርብ ትጠየቃለች።

---

የደምቢያው — ኅዳር 10

እኔም ተመሳሳይ ጉዳይ አለኝ። አባቴ ደምቢያ ውስጥ አራት ጥማድ የእርሻ መሬት ትቶ ሞቷል። እኔ ጅዳ ነኝ። አጎቴ እያረሰው ነው። ጋሼ እንዳሉት ውክልና ልኬ ድርሻዬን ማስከበር እችላለሁ? መሬቱ በይዞታ ደብተር የተመዘገበ ነው።

---

የቀድሞ ዳኛ — ኅዳር 10

ወንድሜ፣ የአንተ ጉዳይ ሌላ ነው። ቤት የግል ንብረት ስለሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይወረሳል። በገጠር መሬት ግን ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ብቻ ነው፤ ያ መብት ለማን እንደሚተላለፍ የሚወስነው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 252/2009 ነው። በአዋጁ ዘመድ መሆን ብቻ አይበቃም፤ በግብርና የሚተዳደር ወይም መተዳደር የሚፈልግ መሆንም ይታያል። ጅዳ ተቀምጠህ ድርሻ መጠየቅ ከባድ ነው። ጉዳይህን ለብቻው ጻፈውና እንነጋገርበት፤ እዚህ ከእህታችን ጉዳይ ጋር ከተቀላቀለ ሁለታችሁም ትሳሳታላችሁ።

---

ሐና ከፍራንክፈርት — ኅዳር 11

የአዘዞዋ፣ እባክሽ የእኔን ስሚ። እናታችን ስትሞት ለወንድሜ ውክልና ላክሁለት። ወረቀቱን ያዘጋጀልኝ ሰው «መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስጦታ ማስተላለፍ፣ በዋስትና ማስያዝ» የሚለውን ሁሉ ደርድሮበት ነበር። እኔም ሳላነብ ፈረምሁ፤ ወንድሜ ነውና። በስምንተኛው ወር ቤቱ ለሚስቱ ወንድም ተሸጠ። ዋጋው ሠፈሩ ውስጥ አንድ ክፍል ከሚሸጥበት ያነሰ ነበር። ውሉ ላይ የእኔ ፈቃድ አለ፤ ፊርማዬ አለ፤ የቆንስላው ማኅተም አለ።

ውክልናውን የሻርኩት ዘግይቼ ነው፤ ያውም ለወንድሜ በስልክ በመንገር ብቻ። መሻሪያው ውክልናው ወደተመዘገበበት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መድረስ እንደነበረበት ያወቅሁት ከሽያጩ በኋላ ነው። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። ለመክሰስ ወክዪ፤ ለመሸጥ ግን ገዢና ዋጋ በስም ሳይታወቅ ለማንም አትስጪ።

---

የአዘዞዋ — ኅዳር 12

ሐና፣ ታሪክሽን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። እኔም ልፈርም የነበረው እንዲያ ያለውን ነው፤ ከኢንተርኔት ላይ ያወረድሁት ቅጽ ሁሉንም የያዘ ነው።

ጋሼ፣ የአክስቴ ልጅ የመዝገቡን ግልባጭ ሊጠይቅ ሄዶ «ውክልና አምጣ» አሉት። እርስዎ ደግሞ መጀመሪያ መዝገቡን አይቼ ነው የሚሉት። ከየት ልጀምር? እሱ ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከርስ ይችላል?

---

የቀድሞ ዳኛ — ኅዳር 13

ልክ ነዎት፤ ለግልባጩም ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዱን ውክልና አሁኑኑ ይላኩ፤ ቃሉ ግን በጥንቃቄ ይጻፍ።

በመጀመሪያ «ሙሉ ውክልና» የሚለው ርእስ ኃይል የለውም። ሕጉ በጠቅላላ ቃል የተሰጠን ውክልና የሚያየው እንደ ማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው፤ ኪራይ እንደመሰብሰብ ያለውን። አንቀጽ 2205 ላይ እንዳለው፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥና ማስያዝ፣ መታረቅ፣ ስጦታ ማድረግ፣ ክስ ማቅረብና ለክስ መልስ መስጠት እያንዳንዱ ተለይቶ ካልተጻፈ ወኪሉ ሊያደርገው አይችልም። መንገደኛው ወንድማችን በባንክ የተሳካለት ወረቀቱ ላይ ባንክና ገንዘብ የሚሉት ቃላት ስለነበሩ ይሆናል።

ቀጥሎ፣ የአክስት ልጅ ፍርድ ቤት ቆሞ አይከራከርልዎትም። ጠበቃ ያልሆነ ሰው ወክሎ እንዲከራከር የሚፈቀድለት እንደ ባል፣ ሚስት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ያለ በጣም የቅርብ ዘመድ ሲሆን ነው፤ ያውም ክፍያ የማይቀበል ከሆነ። የአክስት ልጅ ከዚህ ውጭ ነው። እኔ ራሴ በችሎት ላይ ሳለሁ እንዲህ ያሉ ወኪሎችን ብዙ ጊዜ መልሻለሁ፤ ባለጉዳዩ ከውጭ ብዙ ወጪ አውጥቶ የላከው ወረቀት በመጀመሪያው ቀጠሮ ከንቱ ሲሆን ማየት ያሳዝናል። የባሕር ዳሯ እህትዎ እንዳትሆን ደግሞ እሷ ራሷ በዚያ ወረቀት ተጠቃሚ ናት። ስለዚህ የአክስትዎ ልጅ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይና ጠበቃ ለማቆም ይወከል፤ የሚከራከረው ጠበቃው ይሁን።

ቃሉ በዚህ መንፈስ ይሁን፦

«በጎንደር ከተማ፣ አዘዞ፣ በቤት ቁጥር ... የሚገኘውን የወላጆቼን የአቶ ... እና የወይዘሮ ... ውርስ በተመለከተ፣ በእኔ ስም የመዝገብ ግልባጭ እንዲወስዱ፣ ከማዘጋጃ ቤትና ከቀበሌ ማስረጃ እንዲጠይቁ፣ ክስና መቃወሚያ እንዲያቀርቡ፣ መልስ እንዲሰጡ፣ እግድ እንዲጠይቁ፣ ይግባኝ እንዲሉ፣ ለእነዚህም ጠበቃ እንዲያቆሙና እንዲያነሡ ወክያለሁ። ድርሻዬን መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስጦታ ማስተላለፍ፣ በዋስትና ማስያዝም ሆነ ስለ እኔ መታረቅ አይችሉም።»

አሁን ወደ ስምዎ ልምጣ፤ ችግሩ ሁለት ጊዜ ይመጣብዎታል። ፍርድ ቤት ላይ «የሟች ልጅ ነኝ» ሲሉ አንድ ጊዜ፤ ውክልናው ላይ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ኤምባሲው ውክልናውን የሚያረጋግጠው በፓስፖርትዎ ስም ነው። ያ ስም ብቻ ከተጻፈ፣ ጎንደር ላይ ወክላ የምትገኘው የሟች ልጅ ሳትሆን በወረቀት የማትታወቅ ሌላ ሴት ናት። ስለዚህ ወካይ በሚለው ላይ የፓስፖርት ስምዎን ጽፈው «በትውልድ ስሜ ... ተብዬ የምጠራ፣ የአቶ ... ልጅ» ብለው ያስከትሉ።

---

ሐና ከፍራንክፈርት — ኅዳር 13

ስለ ማስፈረሙ እኔ ልጨምር። አጭሩ መንገድ ኤምባሲው ወይም ቆንስላው ፊት ቀርቦ መፈረም ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቼ መሄድ ሲያቅታቸው ያደረጉት ረጅሙን ነው፦ በኖተሪ ፊት ይፈርማሉ፤ የግዛቱ ጽሕፈት ቤት የኖተሪውን ማኅተም ያረጋግጣል፤ ከዚያ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ የእኛ ኤምባሲ። ወረቀቱ አገር ቤት ሲደርስ ደግሞ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኤምባሲውን ማኅተም ያረጋግጥና ሰነድ ማረጋገጫ ይመዘገባል። አንዷ እኅቴ አፖስቲል የሚባለውን ማኅተም ብቻ አስመትታ ልካ ተመልሶባታል፤ የላከችው በ2012 ዓ.ም. ነው። ዋናው ወረቀት ይላካል እንጂ ፎቶው አይሠራም። ወረቀቱ አማርኛ ይሁን፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ ትርጉም ሌላ ሳምንት ይበላል።

---

የልደታ እናት — ኅዳር 14

የኔ እኅት፣ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ፤ የአገርሽ ልጅ ነኝ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ቀበሌ መዝገብ ቤት ለሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ልጅነት የሚገኘው በልደት ምስክር ወረቀት ብቻ አይደለም፤ በአንቺ ዘመን የተወለደ አብዛኛው ሰው እሱ የለውም። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው በአባትሽ ቤት በልጅነት ታውቀሽ፣ አድገሽ እንደሆነ ነው። የክርስትና እናትሽ ካለች፣ የአባትሽ የንስሐ አባት ካሉ፣ ከጎንሽ ያደገ ጎረቤት ካለ እነሱ ናቸው ምስክሮችሽ። «ሰምቻለሁ» የሚል አስር ሰው ከምታቀርቢ «ስትወለድ ነበርሁ፣ ክርስትና ስትነሣ አቅፌያታለሁ» የሚል ሁለት ሰው ይበልጥሻል።

በእኛ መዝገብ ቤት የድሮ የቤተሰብ ቅጽ ይገኝ ነበር፤ የቤቱ አባወራ ስም ከላይ፣ ልጆቹ በተራ ከነዕድሜያቸው። አሮጌውን ማኅደር ሰው ስለማይነካው አቧራ ለብሶ ከመደርደሪያው ታች ይቀመጣል። የአክስትሽ ልጅ ወኪልነቱን ይዞ በትሕትና ይጠይቅ፤ «የለም» ቢሉት በሌላ ቀን ይመለስ። የአባትሽ እድርም መዝገብ አለው፤ የእናትሽ ለቅሶ ላይ ልጆቿ በስም ተጽፈው ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን የሚያሳየው አዘዞ ያደገችውን ልጅ ነው። ዴንቨር ያለችው እሷው መሆኗን የሚያሳይ ነገር ትፈልጊያለሽ። ሁለቱ ስሞችሽ አንድ ላይ የተገናኙበት አንድ ወረቀት የለሽም? ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ የገንዘብ መላኪያ ደረሰኝ?

---

የቀድሞ ዳኛ — ኅዳር 14

የልደታ እናት የነገሩ እምብርት ላይ ደርሰዋል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው በምስክርም ይረጋገጣል፤ በዘመኑ የተጻፈ ሰነድ ካለ ግን ተቃዋሚው ብዙ የሚለው አይኖረውም።

እህታችን፣ አንድ ያልነገሩን ነገር ግን አለ። ቤቱን አባትና እናት አብረው ከሠሩት ግማሹ የእናትዎ ነበር። እናትዎ ከአባትዎ በፊት ወይም በሌላ ጋብቻ የወለዷቸው ልጅ አለ?

---

የአዘዞዋ — ኅዳር 15

አለች። እናቴ በመጀመሪያው ጋብቻዋ ጭልጋ የወለደቻት ታላቅ እህታችን አለች። ከእኛ ጋር አላደገችም፤ ግን በየዓመቱ ለጥምቀት ትመጣ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ስጽፍላችሁ «ልጆቹ አራት ነን» ያልሁት የአባቴን ቤት እያሰብሁ ነው። እሷን አላሰብኋትም። አሁን ሳስበው አዘንሁ፤ ወንድሜ እኔን እንደዘለለኝ እኔም እሷን ዘለልኋት።

---

የቀድሞ ዳኛ — ኅዳር 15

እንኳን አሁን አስታወሷት፤ ማመልከቻው ላይ ሳትጠቀስ ቢቀር ኖሮ ተቃዋሚው «እሷም ወራሽ ደብቃለች» ይልዎት ነበር።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ባልና ሚስት አንዳቸው የሌላቸው ወራሽ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ግማሽ ይዘው ነው የሚሞቱት። የእናትዎ ግማሽ በ1999 ዓ.ም. ለአምስት ልጆቻቸው እኩል ይከፈላል፤ የአባትዎ ግማሽ በ2014 ዓ.ም. ለአራት። ቤቱን በ40 እጅ እንቁጠረው። ከእናትዎ 20 እጅ አምስታችሁ አራት አራት ታገኛላችሁ። ከአባትዎ 20 እጅ አራታችሁ አምስት አምስት። እርስዎ፣ ታላቅ ወንድምዎና ታናሽ እህትዎ ዘጠኝ ዘጠኝ እጅ፤ የሟች ወንድምዎ ሁለት ልጆች በአባታቸው ቦታ ገብተው ዘጠኙን ይካፈላሉ፤ የጭልጋዋ አራት እጅ። ወንድምዎ ባወጣው ወረቀት ግን እሱ ሃያ፣ እህቱ ሃያ ሆነዋል።

የሟች ወንድምዎ ልጆች ከእርስዎ ጋር ቢቆሙ ጥሩ ነው፤ እነሱ እዚያው አገር ስላሉ ውክልናም አያስፈልጋቸውም። ወረቀቱ እንዲሰረዝ ሲጠይቁ በዚያው ቀን በቤቱ ላይ እግድ ይጠየቅ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ስም እንዳያዛውር ትእዛዝ ካልደረሰው ወንድምዎ በያዘው ወረቀት ካርታውን በስሙ ማዞር ይችላል። ከዚያ የገዛ ሦስተኛ ሰው ከመጣ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

---

ችሎት አላዋቂ አይደለሁም — ኅዳር 16

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ወረቀቱን ለማሰረዝ አንቀጽ 998ን ይጠቅሳሉ፤ እኔ የማውቃቸው ጠበቆች ግን የሚሄዱት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 358 መቃወሚያ ነው። ሁለተኛ፣ የእናትየዋ ውርስ ከተከፈተ ከ15 ዓመት በላይ አልፏል። አንቀጽ 1000 ንኡስ አንቀጽ 2 በዚህ ጊዜ መብቱ ይቋረጣል አይልም? የጭልጋዋ እህት ጊዜዋ አልፏል የምል ነኝ።

---

የቀድሞ ዳኛ — ኅዳር 16

ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። 358 ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መቅረብ አለበት፤ ካርታው ገና ካልዞረ በዚያ መሄድ ይቻላል፤ ዞሮ ከሆነ 998 ይሻላል ባይ ነኝ። ማመልከቻው የሚቀርበው ወረቀቱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ጠበቃው መዝገቡን አይቶ ይምረጥ።

በሁለተኛው አልስማማም። ከ1999 እስከ 2014 ዓ.ም. በቤቱ የኖሩት አባትየው የግማሹ ባለቤት ናቸው እንጂ የእናትየዋን ውርስ ያለ መብት የያዙ ሰው አይደሉም። የጭልጋዋን ድርሻ አልሰጥም ያለ ሰው የመጣው ከእሳቸው ሞት በኋላ ነው። በተቃራኒው የሚከራከር እንደሚኖር ግን አልክድም።

---

ችሎት አላዋቂ አይደለሁም — ኅዳር 16

እኔ ተቃራኒውን ይዞ የተረታ ጠበቃ አላየሁም። ለማንኛውም የጭልጋዋ እህት የራሷን ጠበቃ ትያዝ፤ የአዘዞዋ ጠበቃ ሁለቱን ከያዘ በዚህ ነጥብ ላይ ይቸገራል።

---

የአዘዞዋ — ታኅሣሥ 3

የልደታ እናት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱ ስሞቼ የተገናኙበት ወረቀት ብለው ከጠየቁኝ ጀምሮ ቤቴን አገላብጬ ፈተሽሁት። ከልብስ ሣጥኔ ሥር ከፎቶዎች ጋር አንድ ደብዳቤ አገኘሁ። አባቴ በ1985 ዓ.ም. የጻፈልኝ ነው። ፖስታው ላይ የአሜሪካ ስሜ በላቲን ፊደል ተጽፏል፤ አድራሻውን የገለበጠለት የሠፈራችን አስተማሪ ነበር። ከውስጥ ግን የአባቴ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ በትውልድ ስሜ ጠርቶ «ለልጄ» ብሎ ይጀምራል። እንዲህም ይላል፦ «እዚያ በአያትሽ ስም እንደምትጠሪ ነግረሽኛልና ፖስታው ላይ እንደዚያው አስጽፌያለሁ፤ እንዳይጠፋብሽ ብዬ ነው።» ከታች ፈርሟል። የጎንደር ፖስታ ቤት ማኅተም ቀኑ በከፊል ይነበባል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳላስበው አብሮኝ ኖሯል። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

በፖስታ ልላከው?

---

የቀድሞ ዳኛ — ታኅሣሥ 3

አይላኩት! ከጠፋ ሌላ የለም። ፖስታውንና ደብዳቤውን አብረው ግልባጭ ያስነሡና ግልባጩን እንደ ውክልናው ያስረጋግጡ፤ ዋናው ፍርድ ቤት «ይቅረብ» ብሎ ሲያዝ በእጅዎ ወይም በታመነ ሰው ይምጣ። አባትዎ በማዘጋጃ ቤቱ የቤት ማኅደር ውስጥ የፈረሙት ማመልከቻ አይጠፋም፤ ጠበቃው ከደብዳቤው ፊርማ ጋር እንዲነጻጸር ይጠይቅ። የዜግነት ወረቀትዎንና አሜሪካ ስምዎ የተመዘገበበትን ሰነድም ከነትርጉሙ ያያይዙ።

---

የአዘዞዋ — ጥር 14

የደረስንበትን ልንገራችሁ። ዋሽንግተን ድረስ ሄጄ ኤምባሲው ፊት ፈረምሁ፤ የትውልድ ስሜን በመሐል ማስገባቱን መጀመሪያ እምቢ ብለውኝ ነበር፤ የደብዳቤውን ግልባጭ ሳሳያቸው «በትውልድ ስሜ» የሚለው ሐረግ እንዲቆይ ተስማሙ። የአክስቴ ልጅ ውክልናውን አስመዝግቦ ጠበቃ አቁሟል።

የመዝገቡም ግልባጭ ወጥቷል። ወንድሜ በማመልከቻው «ሟች ከእኛ በቀር ሌላ ተወላጅ የላቸውም» ብሎ በቃለ መሐላ አረጋግጧል። ከመሰከሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ያ ፖስታዬን የጻፈው አስተማሪ ነው። ጠበቃው በመስቀለኛ ጥያቄ ፖስታውን እንዲያዩት ሊያደርግ ነው።

ማመልከቻው ጥር 6 ገብቷል፤ እግዱ በማግሥቱ ተሰጥቷል። ካርታው ገና በአባቴ ስም ነው። የወንድሜ ልጆች ከእኔ ጋር ገብተዋል። የጭልጋዋ እህቴ ለብቻዋ ጠበቃ ይዛለች፤ ጊዜዋ አልፏል አላለፈም የሚለውን ፍርድ ቤቱ ገና አላየውም። ለመስማት የተቀጠረው ለየካቲት 19 ነው።

ታናሽ እህቴ ትናንት ደወለችልኝ። ማመልከቻው ላይ ሳታነብ እንደፈረመች ነገረችኝ። ምን እንደምመልስላት አላወቅሁም።